ከአራት አንድ

እናትየው ከታች ቀረች። ልጇ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተኝቷል፤ እሷ ግን ከሆስፒታሉ መግቢያ አጠገብ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የሚገባና የሚወጣውን ሰው ታያለች። ለምን አትወጪም ሲሏት ጉልበቴ ነው ትላለች። ሊፍት አለ እኮ ሲሏት ደግሞ ሊፍት ያዞረኛል ትላለች። በዚያው ጉልበቷ ከጥቂት ጊዜ በፊት ሁለት ፌስታል ሙሉ ልብስና ብርቱካን አንጠልጥላ ደረጃውን ስትወጣ ጥበቃው ራሱ አይቷታል። ውሸቱ ሕፃን የማያታልል ውሸት ነበር፤ ግን እናት ስትዋሽ ፊት ለፊት ዋሸሽ ማን ይላታል?

ትልቋ ልጇ ሒሳብ አስተማሪ ናት። ቤት ውስጥ ስሟ ተረስቶ «ቲቸር» ሆና ቀርታለች፤ እናቷም የምትጠራት በዚሁ ነው። ቲቸር ነገር የምታጠራ ሰው ናት። ወጥ ላይ ጨው ጨምሪ ሲሏት ስንት ማንኪያ ብላ የምትጠይቅ፣ ቶሎ እመጣለሁ የሚላትን ሰው ቶሎ ማለት ስንት ሰዓት ነው ብላ የምታፋጥጥ። እናቷ ለምን እንደማትወጣ ግን አልገባትም፤ ያልገባትን ነገር ደግሞ አትወድም።

የታመመው የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነው። ፂም አውጥቶ፣ የራሱን ፀጉር ቤት ከፍቶ፣ ግማሹን ሰፈር እየላጨ እንኳ «ጩጬ» የሚለው ስም አልለቀቀውም። መጀመሪያ ክንዱ ላይ ሰማያዊ ነገር ብቅ ብቅ አለ፤ ከወንበር ጋር ተጋጭቼ ነው አለ። ቀጥሎ አፍንጫው መድማት ጀመረ፤ ሙቀት ነው አለ። አንድ ቀን ደንበኛ ፀጉር እያስተካከለ መቀሱን ይዞ ቁጢጥ አለና መነሣት አቃተው። ምርመራው ሲመጣ መቅኒው ደም መሥራት አቁሟል ተባለ። ከዚያ ወዲህ የሚኖረው በሰው ደም ነው፤ ይሰጡታል፣ ትንሽ ቀላ ይላል፣ ይቀልዳል፣ ደግሞ ይገረጣል። የሚያድነው ከእሱ ጋር የሚመሳሰል ሰው መቅኒ ነው፤ ለዚያ ደግሞ መጀመሪያ የሚፈለገው የእናት የአባት ልጅ ነው።

ይህንን ያስረዳቻቸው ዶክተሯ ናት። ጠባቧ ቢሮዋ ውስጥ ቲቸር፣ ልብስ ሰፊዋ እህቷ፣ ሾፌሩ ወንድማቸውና እናትየው ትከሻ ለትከሻ ተጣበው ተቀመጡ። ዶክተሯ ደግ ሴት ናት፤ ነገሩን ለማቅለል ወረቀት አውጥታ አራት ሣጥን ሣለችና አንዱን አጠቆረችው። «አንድ ልጅ ከእናቱ ሁለት ዓይነት ውርስ አንዱን ይወስዳል፣ ከአባቱም እንደዚሁ። ስለዚህ የሚወጣው ከአራት ዓይነት አንዱ ነው። ይቺ የጠቆረችው የሱ የታማሚው ዓይነት ናት። ለእያንዳንዱ ወንድም ወይም እህት፣ ከሱ ጋር የመመሳሰል ዕድሉ ከአራት አንድ ነው ማለት ነው» አለች።

እናትየው ወረቀቱን አፍጥጣ አየችው። «አራት?» አለች።

«አዎ እማማ፣ አራት» አለች ዶክተሯ፣ ስለገባቸው ደስ ብሏት።

ያኔ ማንም ልብ አላለም። ቲቸርም እንኳ።

መጀመሪያ የመጣው የቲቸር ውጤት ነበር፤ አይመሳሰልም። ቀጥሎ የልብስ ሰፊዋ፤ አይመሳሰልም። ያኔ ሾፌሩ ደረቱን ነፋ። «በቃ እኔ ነኝ! ሁለታችሁ ወደቃችሁ፣ እኔ ቀረሁ። ድሮም የዚህ ቤት ሰው እኔ ነኝ» አለ። ልብስ ሰፊዋ እያለቀሰች ሳቀች፤ አቅፋ ሳመችው። ቲቸር ግን ምላሷን ነከሰች። የሁለቱ መውደቅ ለሾፌሩ አንዲት ቅንጣት እንዳልጨመረለት ታውቃለች። ዕድሉ ሳይመረመሩ በፊት ከአራት አንድ ነበር፣ ከተመረመሩ በኋላም ከአራት አንድ ነው። ይህን ለማን ትበለው? ሰው ተስፋ ሲያደርግ መሐል ገብቶ ማረም ክፍል ውስጥ ነው እንጂ ቤት ውስጥ አያምርም። የሾፌሩም መጣ፤ አይመሳሰልም። ያ የሰፈሩን ጎዳና በጥሩምባ የሚያናውጥ ሰውዬ መኪናው ውስጥ ገብቶ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

እናትየው ደረጃ መውጣት ያቆመችው ከዚያች ቀን ጀምሮ ነው።

ዶክተሯ ከማያውቋቸው ሰዎች መካከል መቅኒያቸውን ለመስጠት የተመዘገበ ካለ እናፈላልጋለን አለች፤ ጠየቀች፤ መልስ አልመጣም። ይህ በእንዲህ እንዳለ ጩጬውን ትኩሳት ያዘው፤ በሽታን የሚከላከልበት አቅም የለውምና ትኩሳቱ አልለቅም አለ። በመስታወት ወደተከለለ ክፍል ወሰዱት። አንድ ቀን ዶክተሯ ቲቸርን ኮሪደር ላይ ገለል አድርጋ «ልትሉት የምትፈልጉት ነገር ካለ አሁን ብትሉት ጥሩ ነው» አለቻት። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

ጩጬው የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «እማዬስ?»

«ከታች ናት። ጉልበቷን አሟት ነው።»

«ተቀይማኛለች እንዴ?»

«ምን አድርገሃት ትቀየምሃለች?»

«እንጃ። ታምሜባት።»

ቲቸር ወደ መስታወቱ ዞር ብላ ጭንብሏ ውስጥ አለቀሰች። ልጁ እናቱን ሳያይ ሊሄድ ነው። እናትየው ደግሞ ሦስት ፎቅ ከታች ሆና የማታውቃቸውን ሰዎች ጫማ ትቆጥራለች።

በማግስቱ ትምህርት ነበራትና ጠዋት ክፍል ገባች። ሥራ ሲይዙት ሐዘንን ትንሽ ያስረሳል ይባላል፤ የዕለቱ ርዕስ ዕድል መሆኑ ግን አላገዛትም። ቦርሳዋ ውስጥ ሁሌም ከአንድ እስከ ስድስት ነጥብ ያላቸው ሁለት ዳይስ፣ ቀይና ነጭ፣ እንዲሁም አንድ እሽግ ካርታ አለ። ሌሎቹ መምህራን ቁማርተኛዋ ይሏታል፤ ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ወላጅ እንዳያይብን ይላል።

ቀዩን ዳይስ ጠረጴዛው ላይ ወረወረች። «ሁለት መጣ። በዚሁ በአንዱ ውርወራ አምስትም ሊመጣ ይችላል?» አይችልም አሏት። «ሁለት መምጣቱና አምስት መምጣቱ አብረው የማይሆኑ ኩነቶች ናቸው። አንዱ ከሆነ ሌላው ቀረ። አሁን ነጩን እወረውራለሁ። ቀዩ ላይ ስድስት ቢመጣ ነጩ ላይ ስድስት እንዳይመጣ የሚከለክለው አለ?» የለም። «የሚያግዘውስ?» የለም። «እነዚህ ነጻ ኩነቶች ናቸው። የአንዱ መሆን የሌላውን ዕድል አይነካም። ስለዚህ እናባዛለን፤ ሁለቱም ላይ ስድስት የመምጣት ዕድሉ ከሠላሳ ስድስት አንድ ነው።»

ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ያው አይደለም እንዴ? ነጻ ከሆኑ አይተዋወቁም። ካልተዋወቁ አብረው አይሆኑም።»

በየዓመቱ አንድ ሰው ይህን ይላል። ቲቸር ሌላ ጊዜ ብትሆን ኖሮ ደስ ይላት ነበር። «ተገላቢጦሽ ነው» አለች። «አብረው የማይሆኑት ናቸው በደንብ የሚተዋወቁት። ሁለት መጣ ብዬ ብነግርሽ ስለ አምስት ምን ታውቂያለሽ?»

«እንዳልመጣ።»

«አየሽ! የአንዱ ወሬ የሌላውን ቁርጥ ነገረሽ። ዕድሉ ከስድስት አንድ ነበር፣ አሁን ዜሮ ሆነ። ከዚህ በላይ መነካካት ከየት ይመጣል? ነጻ የሆኑት ግን አብረው ይገናኛሉ። ከካርታ እሽግ አንድ ብትስቢ ንጉሥ ሊሆን ይችላል፣ ልብ ሊሆን ይችላል፣ የልብ ንጉሥም አለ፤ ሁለቱም አብረው ሆኑ ማለት ነው። ካርታው ልብ ነው ብዬ ብነግርሽ ንጉሥ የመሆን ዕድሉ ከአሥራ ሦስት አንድ ነው። ባልነግርሽም ከሃምሳ ሁለት አራት፣ ያው ከአሥራ ሦስት አንድ። ወሬዬ ምንም አልለወጠም።»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። ደወሉ ተደወለ። ቲቸር ዕቃዋን ሰብስባ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ሄደች።

እናቷ እዚያው ነበረች። አጠገቧ ቁጭ አለች። ብዙ ጊዜ ሰው ሲያባብሉ ዙሪያ ጥምጥም ይኬዳል፤ ቲቸር ዛሬ ያ ትዕግሥት አልነበራትም።

«እማዬ፣ ጉልበትሽን አይደለም።»

እናትየው ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«ይጠይቅሻል። ተቀይማኛለች ወይ ይለኛል። ምን ልበለው? ጊዜ የለንም እኮ፣ እማዬ። ዶክተሯ ነግራኛለች።»

እናትየው ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። «በምን ዓይኔ ልየው?» አለች። «መድኃኒቱን ቀብሬበት በምን ዓይኔ?»

«የምን መድኃኒት?»

«አራተኛውን።»

ቲቸር በመጀመሪያ እናቷ የምትቃዥ መሰላት። ቀጥሎ ግን ከልጅነቷ ጥግ አንድ ነገር ብቅ አለ፤ ገመድ ላይ የተሰጣ ትንሽ ብርድ ልብስ፣ ቤት ሙሉ ሰው፣ እሷንና እህቷን ጎረቤት ወስደው ያሳደሩባት ሌሊት። ከሾፌሩ በኋላ፣ ከጩጬው በፊት፣ አንድ ወንድ ልጅ ነበር። መቀመጥ ሲጀምር ሞተ። በቤታቸው ስለ እሱ አንድም ቀን ተወርቶ አያውቅም፤ ፎቶም የለው። ቲቸር ራሷ ወንድሞችሽና እህቶችሽ ስንት ናቸው ስትባል ሦስት ብላ ነው ያደገችው።

«ትኩሳት ነበረው» አለች እናትየው፣ ዓይኗን ከመሬት ሳትነቅል። «አባታችሁ መንገድ ሄዷል። ውጪ ዝናብ ነው። ሦስታችሁን ጥዬ የት እሄዳለሁ፣ ይንጋና እወስደዋለሁ አልኩ። ይንጋ አልኩ እኔ! ሲነጋ ልቡ ደክሞ ነበር።» አፍንጫዋን በመሐረቧ ጠረገች። «ይሄን ችዬው ኖሬያለሁ። አሁን ግን ያቺ ዶክተር አራት ሣጥን ሣለች። ከአራት አንድ አለች። እኔ ከጩጬ ሌላ ስንት ወለድኩ? አራት። አንደኛዋ አንቺ፣ ባዶ። እህትሽ፣ ባዶ። ወንድምሽ፣ ባዶ። ታዲያ ጥቁሩ ሣጥን የማን ነው? ንገሪኛ፣ አስተማሪ አይደለሽ? የሱ ነው! የወንድሙን መዳኛ ይዞ ነበር የመጣው። እኔ ነኝ ይንጋ ብዬ ሁለቱንም የጨረስኳቸው።»

ቲቸር ክው አለች። እናቷ ይህንን ብቻዋን ተሸክማ ነው የሰነበተችው። እዚህ ወንበር ላይ፣ ሰው መሐል፣ ብቻዋን። እነሱ ደግሞ ስለ ጉልበቷ ቅባት ሲያማርጡ ነበር። አቅፋት ማልቀስ ነበር የሚቀናት፤ ግን ለቅሶ ይህን ስሕተት አይፈታውም። የተቋጠረው በቁጥር ነውና የሚፈታውም በቁጥር ነው።

ቦርሳዋን ከፍታ ካርታውን አወጣች።

«አሁን ካርታ የምጫወት እመስልሻለሁ?» አለች እናትየው።

«አትጫወቺም። እዪኝ ብቻ።» እናቷ ካርታ ታውቃለች፤ አባታቸው በሕይወት እያለ ማታ ማታ አንድም ቀን አሸንፏት አያውቅም ነበር። ቲቸር አራት ካርታ መረጠች፤ ሦስት ጥቁርና አንድ የልብ አስ። ገልብጣ በመካከላቸው ባለው ወንበር ላይ ደረደረቻቸው። ሦስቱን አንድ በአንድ ገለጠች፤ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ጥቁር። «አራተኛው ምንድን ነው?»

«አሷ ናታ። ሌላ ምን ልትሆን?»

«ትክክል ነሽ። አሷ አንድ ናት። እኔ ጋ ካለች አንቺ ጋ የለችም፤ ከሁለት ሰው እጅ አብራ አትገኝም። ደግሞ ከአራቱ አንዱ ጋ መኖሯ የተረጋገጠ ነው። አንቺ ልጆችሽን እንዲህ አድርገሽ ነው ያየሽው። አንድ እጣ ለአራት ልጅ የተከፋፈለ።»

«እንዲያ አይደል ታዲያ?»

«አይደለም፣ እማዬ። አራቱ ሣጥኖች እኛ አይደለንም። አራቱም ሣጥን የእያንዳንዳችን ነው። እኔ ስወለድ አራት ሣጥን ነበረኝ፣ እህቴ ስትወለድ አዲስ አራት፣ ወንድሜም አዲስ አራት። እዪ።» አራቱን ካርታ ከሌሎቹ ጋር ቀላቅላ ሙሉውን እሽግ በወዘችው። «ልብ ከመጣ ይመሳሰላል እንበል። ከሃምሳ ሁለቱ አሥራ ሦስቱ ልብ ናቸው፣ ከአራት አንድ ማለት ነው። ይሄ ለኔ።» ሳበች፤ ጥቁር። መልሳ ከተተችው፤ በወዘች። «ይሄ ለእህቴ። ከሙሉው እሽግ ነው የምስበው፤ የኔ ተመልሶ ገብቷል፣ ልቦቹም አሥራ ሦስቱም አሉ።» ልብ መጣ። መለሰች፣ በወዘች፣ ሳበች፤ ቀይ መጣ፣ ግን ዳይመንድ እንጂ ልብ አይደለም። ደግሞ መለሰች፣ በወዘች፣ ሳበች፤ ልብ።

«ሁለት መጣ» አለች እናትየው፣ ፊቷን አጨማዳ።

«ሁለትም ይመጣል። አንዱ ሌላውን አይከለክለውማ! ሁለታችንም ልንመሳሰለው እንችል ነበር። አራታችንም።» እንደገና አራቴ ሳበች፤ አንድም ልብ አልመጣም። እንደገና፤ አንድ መጣ። እንደገና፤ አንድም የለም። በአጠገባቸው የሚያልፍ አስታማሚ ቆም ብሎ አየና በዚህ ሰዓት ቁማር እያለ አጉረምርሞ ሄደ። ሁለቱም ጆሮ አልሰጡትም።

«እንደኛ አራት ወንድምና እህት ያላቸው መቶ በሽተኞች ቢኖሩ» አለች ቲቸር፣ «ከመቶው ሠላሳ ሁለት ያህሉ አንድም የሚመሳሰል አያገኙም። ማንም ሳይሞትባቸው። ሁሉም ልጆች በጤና ቁጭ ብለው። እንዲያው ስላልመጣ ብቻ። እኛም እዚያ ውስጥ ልንሆን እንችላለን። የኛ ሦስታችን ባዶ መሆን ጥቁሩን ሣጥን ወደሱ አልገፋውም። እሱ ጋ ነው ያለው ያለሽ የለም።»

እናትየው ካርታውን ከልጇ እጅ ወሰደችው። ራሷ በወዘች፤ እጇ አልረሳውም፣ ካርታው በጣቶቿ መካከል ሸር ብሎ ተገጣጠመ። አንድ ሳበች። አየችው። መለሰችው። ሌላ ሳበች። ቲቸር ጠበቀች፤ እናቷ እየገባት እንደሆነ ታየዋለች። ተማሪ ሲገባው ዓይኑ ላይ የሚመጣውን ነገር ሃያ ምናምን ዓመት አይታዋለች።

«እንግዲያው የናንተ ባዶ መሆን ስለሱ ምንም አይናገርም» አለች እናትየው።

«ምንም።»

«አለውም አያሰኝ።»

«አያሰኝም።»

«የለውምም አያሰኝ።»

ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ለቲቸር አሁን ገባት፤ ግን ዘግይታለች። እናቷ የተሰጣትን ነገር ይዛ እስከ መጨረሻው የምትሄድ ሴት መሆኗን መርሳት አልነበረባትም።

«ያ ልጅ ቢኖር ኖሮ» አለች እናትየው፣ ካርታውን እያየች፣ «ዛሬ ተመርምሮ ቢሆን፣ የሱ ዕድል ስንት ነበር?»

ዜሮ ማለት ይቻል ነበር። ሦስታችን ባዶ ከሆንን እሱም ባዶ ነው ብሎ መዋሸት። እናቷ ታምናት ነበር፤ ማን ይከራከራታል? ባሳየቻት ካርታ ላይ ዓይኗን በጨው ታጥባ መዋሸት አልሆነላትም፤ ደግሞ እናቷ መልሱን አስቀድማ አውቃዋለች፤ የምትጠይቀው ለማረጋገጥ ነው።

«ከአራት አንድ» አለች ቲቸር።

እናትየው ካርታውን በጣቶቿ እየቆጠረች ቆየች። ቲቸር አበላሸሁት ብላ አሰበች። ቁስሉን ላድን ብዬ ቢላዋውን ውስጡ ትቼ ወጣሁ።

«እንግዲህ ሩቡ የኔ ነው» አለች እናትየው በመጨረሻ።

«እማዬ፣ እንደሱ አይደለም…»

«ተይኝ። ሩቡ የኔ ነው። ሦስት እጁ የኔ አይደለም፣ ይሄውልሽ ገብቶኛል።» ካርታውን አስተካክላ ለልጇ መለሰችላት። «ሙሉውን ነበር የተሸከምኩት፣ ልጄ። ከሙሉው ጋር ደረጃ አይወጣም። ሩቡን ይዤ እወጣለሁ።»

ተነሣች። ጉልበቴ ነው ያለችው ሴት ሊፍቱ እስኪመጣ አልጠበቀችም፤ መደገፊያውን ይዛ በደረጃው ወጣች። ቲቸር ከኋላዋ ተከተለች።

ላይ ነርሷ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የምፈቅደው አለች። እናትየውን ጋውን አለበሷት፣ ጭንብል አደረጉላት፣ እጇን አስታጠቧት። ቲቸር ከመስታወቱ ውጪ ቀረች። በሩ ትንሽ ክፍት ስለነበር ድምፃቸው ይሰማታል።

ጩጬው ዓይኑን ገለጠ። ጭንብሉ ፊቷን ቢሸፍነውም አወቃት። «እማዬ። ጉልበትሽ ተሻለሽ?»

«ተሻለኝ።»

«ተቀይመሽኝ ነበር?»

«አንተን? እኔ አንተን ልቀየም?» አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ እጁን ወሰደች። እጁ ላይ ሰማያዊ ያልሆነ ቦታ አልነበረም። «ፊትህ ለመቅረብ አፍሬ ነው። ከአንተ በፊት አንድ ወንድም ነበረህ። ሞተብኝ። ቶሎ ሐኪም ቤት አልወሰድኩትም። እሱ ቢኖር አንተን ያድንህ ነበር ብዬ ነው።»

ጩጬው ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። ማሰብም ጉልበት ይጠይቀዋል። «ይመሳሰለኝ ነበር?»

«አናውቅም። እህትህ ከአራት አንድ ነው አለች።»

«ሩብ?» አለ። ከንፈሩ ፈገግ አለ። «ለሩብ ብለሽ ነው ይሄን ሁሉ ጊዜ የጠፋሽብኝ?»

«ሙሉ መስሎኝ።»

ሊስቅ ሞከረ፤ ሳል ሆነበት። እናቱ ራሱን ደግፋ እስኪያልፍለት ያዘችው። ፀጉሩን ዳሰሰችው፤ የሰው ፀጉር ሲያሳምር የኖረ ልጅ የራሱ ረግፎ እፍኝ አይሞላም።

«ስሙ ማን ነበር?» አለ።

እናትየው ጎንበስ ብላ በጆሮው ነገረችው። ቲቸር ከመስታወቱ ውጪ አልሰማችም። ስሙን እሷም አታስታውሰውም፤ ከዚያ ሌሊት ወዲህ በቤቱ ውስጥ የጠራው ሰው አልነበረም። ጩጬው በከንፈሩ ደገመው። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ፤ እናቱ እጁን አልለቀቀችም። ነርሷ ሰዓት አልፏል ልትል መጥታ አየቻቸውና ተመልሳ ሄደች።

ከዚያ በኋላ እናትየው ከአጠገቡ አልተለየችም። የተመዘገቡት ሰዎች መልስ መጣ፤ የሚመሳሰል የለም። ጩጬው ጠዋት ላይ፣ እናቱ ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ እያራሰችለት ሳለ አረፈ።

ለቀስተኛው ሁሉ ከሄደ በኋላ እናትየውና ቲቸር ብቻ ሳሎን ቀሩ። ልብስ ሰፊዋ ጓዳ ተኝታለች፤ ሾፌሩ ድንኳኑን ሊመልስ ሄዷል። የጩጬው የፀጉር ቤት ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ማንም ሊያነሣው አልደፈረም። እናትየው አንገቷን ደፍታ ቆየችና ልጇን ጠራቻት።

«ቲቸር።»

«ወዬ፣ እማዬ።»

«ያኛው መሞቱና ይሄኛው መሞቱ፣ በናንተ ሒሳብ አይነካካም አይደል? አንዱ ሌላውን አላመጣውም?»

ቲቸር ይህን ጥያቄ ስትጠብቀው ነበር። ደስ አላት ማለት አይቻልም፤ ግን እናቷን ቢያንስ በአንድ ነገር ልታሳርፋት የምትችል መሰላት። አጠገቧ ሄዳ ተቀመጠች። «አይነካካም። አላመጣውም፣ እማዬ። የየራሳቸው ናቸው።»

«እሺ» አለች እናትየው። «አምኜሻለሁ።» ደረቷን በመዳፏ ያዘች። «እዚህ ግን ተገናኝተዋል።»

ቲቸር እናቷን አቀፈቻት፤ ሁለቱም ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።